አንድ እኩልታ፣ ሦስት መንገዶች፦ 12x² − 7x − 45 = 0ን በየትኛው ዘዴ እንፍታው?

(በሒሳብ ትምህርት ክፍል ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ እኩልታ ነው። ሰሌዳው ላይ ጽፌዋለሁ፦

12x² − 7x − 45 = 0

እንዲህ ያለውን ኳድራቲክ እኩልታ በ9ኛ ክፍል ሁላችሁም ፈትታችኋል። የምንፈታባቸው ዘዴዎችም ሦስት እንደሆኑ ታውቃላችሁ፤ ፋክተር ማድረግ፣ ካሬ ማሟላት እና የኳድራቲክ ቀመር ናቸው። ሦስቱ የሚሰጡት መልስ አንድ ነው። ነገር ግን እያንዳንዳቸውን የተማርናቸው በየራሳቸው ርዕስ ሥር ነው። «በፋክተር ፍቱ» የሚል ርዕስ ሥር ያለ መልመጃ ሁሉ በፋክተር ይፈታል። ፈተና ላይ ግን ርዕስ የለም። ተማሪው እኩልታው ብቻ ነው የሚሰጠው፤ መንገዱን የሚመርጠው ራሱ ነው። ይህን ምርጫ በምን መሠረት እንደሚያደርግ ግን ብዙ ጊዜ የነገረው ሰው የለም። በዚህም ምክንያት አንዱ የማይገኝ ፋክተር ሲፈልግ ሰዓቱን ይጨርሳል፤ ሌላው ደግሞ ፋክተር ስላላገኘ ብቻ «መፍትሔ የለውም» ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው የከፋ ነው፤ ሰዓት ከማባከን አልፎ ሐሰት የሆነ ድምዳሜ ነውና።

እኔ የምሟገተው፣ ይህ ምርጫ የልምድ ወይም የዝንባሌ ጉዳይ ብቻ አይደለም ብዬ ነው። የእኩልታውን ቁጥሮች በቅርብ ያየ ሰው የትኛው መንገድ እንደሚያዋጣው፣ የትኛውም እንደሚዘጋበት ሥራውን ሳይጀምር ሊያውቅ ይችላል። ይህንን ለማሳየት ሰሌዳው ላይ ያለውን እኩልታ በሦስቱም መንገድ እንፍታው። ከዚያም አንዲት ቁጥር እንለውጥና ምን እንደሚሆን እንይ።

በፋክተር እንጀምር። የ x² ኮፊሸንት 12 ነው፤ ብቻውን የቆመው ቁጥር −45 ነው። ሁለቱን ስናባዛ −540 እናገኛለን። የምንፈልገው ብዜታቸው −540፣ ድምራቸው −7 የሆኑ ሁለት ኢንቲጀሮችን ነው። ብዜቱ ኔጋቲቭ ስለሆነ አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ መሆን አለበት። ስለዚህ ጥያቄው «ብዜታቸው 540 ከሆነ ጥንዶች መካከል ልዩነታቸው 7 የሆነው የትኛው ነው?» ወደሚል ይቀየራል።

አብዛኛው ተማሪ ፍለጋውን ከዳር ይጀምራል፤ 1 እና 540፣ 2 እና 270፣ 3 እና 180፣ 4 እና 135 እያለ ይቀጥላል። 540 እንዲህ ያሉ 12 ጥንዶች አሉት። ከዳር የጀመረ ሰው የሚፈልገውን የሚያገኘው 12ኛው ላይ፣ ማለትም በመጨረሻው ጥንድ 20 እና 27 ላይ ነው። ነገር ግን የምንፈልገው ልዩነት ትንሽ መሆኑን አስተውሉ። ልዩነታቸው ትንሽ የሆኑ ሁለት ቁጥሮች እርስ በርስ ይቀራረባሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም የ540 ስኩዌር ሩት ከሆነው ከ23 አካባቢ ርቀው ሊገኙ አይችሉም። ከ23 ወደ ታች ስንወርድ 540ን የሚያካፍል የመጀመሪያው ቁጥር 20 ነው፤ ጓደኛው 27 ነው፤ ልዩነታቸውም 7 ነው። ከመሐል የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሙከራ አገኘው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ቀላል ነው። −7xን በ −27x + 20x እንተካለን፦

12x² − 27x + 20x − 45 = 0
3x(4x − 9) + 5(4x − 9) = 0
(3x + 5)(4x − 9) = 0

የሁለት ነገሮች ብዜት ዜሮ ከሆነ ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ዜሮ ነው። ስለዚህ x = −5/3 ወይም x = 9/4።

አሁን ወደ ሁለተኛው መንገድ እንለፍ። ካሬ ማሟላት ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ክፍልፋይ ነው። አሳቡ ግን ከክፍልፋይ በፊት የነበረ የቅርጽ አሳብ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ይሠራ የነበረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ፣ አልጀብራ የሚለው ስም በተገኘበት መጽሐፉ ውስጥ በእኛ አጻጻፍ x² + 10x = 39 የሚሆነውን እኩልታ ፈትቷል። ጎኑ x የሆነ ካሬ ሣሉ። 10xን ለሁለት ከፍላችሁ፣ ስፋታቸው 5 ርዝመታቸው x የሆኑ ሁለት ሬክታንግሎችን በካሬው ሁለት ጎኖች ለጥፉ። የሁሉም ስፋት በድምሩ 39 ነው። ቅርጹ ግን ሙሉ ካሬ አልሆነም፤ አንድ ማዕዘኑ ጎድሏል። የጎደለው 5 በ5 የሆነ፣ ስፋቱ 25 የሆነ ትንሽ ካሬ ነው። እርሱን ስንጨምር 39 እና 25 ተደምረው 64 ይሆናሉ፤ የትልቁ ካሬ ጎን 8 ነው፤ ከ8 ላይ 5 ሲቀነስ x = 3 ይሆናል። ጎን ኔጋቲቭ ሊሆን ስለማይችል ሁለተኛው መፍትሔ −13 በዚህ ሥዕል ውስጥ አይታይም። «ማሟላት» የሚለው ቃል ትርጉም ግን ያችን የጎደለች ማዕዘን መሙላት መሆኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ይህን መንገድ በእኛ እኩልታ ላይ እናውለው። ሁሉን በ12 ስናካፍል x² − (7/12)x = 15/4 ይሆናል። የ7/12 ግማሽ 7/24 ነው፤ የጎደለችው ማዕዘን 49/576 ናት። በሁለቱም ወገን ስንጨምራት፦

(x − 7/24)² = 15/4 + 49/576 = 2209/576

2209 የ47 ካሬ ነው፤ 576 ደግሞ የ24 ካሬ ነው። ስለዚህ x − 7/24 = ±47/24 ይሆናል፤ x = 54/24 = 9/4 ወይም x = −40/24 = −5/3። መልሱ ያው ነው፤ ድካሙ ግን ጨምሯል። ስሕተት የሚገባውም እዚሁ ክፍልፋዮች ሲደመሩ ነው።

ክፍልፋዩን ማስቀረት ይቻላል። በ12 ከማካፈል ይልቅ በ12 አራት እጥፍ፣ ማለትም በ48 እናባዛ፦

576x² − 336x = 2160

በሁለቱም ወገን 49 ስንጨምር ግራው (24x − 7)² ይሆናል፤ ቀኙ 2209 ይሆናል። ክፍልፋይ የሚመጣው በመጨረሻው መስመር፣ በ24 ስናካፍል ብቻ ነው። ይህ አካሄድ በጥንታዊው የሕንድ ሊቅ በሽሪድሃራ ስም ይታወቃል። አሁን በ12፣ በ−7 እና በ−45 ፋንታ a፣ b እና c ጽፋችሁ ይህንኑ ብትደግሙት (2ax + b)² = b² − 4ac ታገኛላችሁ። ከዚያ እስከ ኳድራቲክ ቀመሩ ያለው ርቀት አንድ እርምጃ ነው፦

x = (−b ± √(b² − 4ac)) / 2a

ስለዚህ ቀመሩ ከካሬ ማሟላት የተለየ ዘዴ አይደለም። አንድ ጊዜ በፊደላት ተሠርቶ ያለቀ፣ ዳግም እንዳንሠራው የተቀመጠልን ካሬ ማሟላት ነው። በቀመሩ ብንሄድ 7 ± √(49 + 2160)፣ ማለትም 7 ± 47፣ በ24 ተካፍሎ ያንኑ መልስ ይሰጠናል።

እስካሁን ፋክተር ማድረግ ያሸነፈ ይመስላል። አሁን አንዲት ቁጥር ልለውጥ። 45ን ወደ 46 ላሳድግ፦

12x² − 7x − 46 = 0

ይህንን በፋክተር ለመፍታት ብዜታቸው 552፣ ልዩነታቸው 7 የሆነ ጥንድ ያስፈልገናል። እንደ ቅድሙ ከመሐል እንጀምር። የ552 ስኩዌር ሩት ከ23 ጥቂት ይበልጣል። ለመሐሉ የሚቀርበው ጥንድ 23 እና 24 ነው፤ ልዩነቱ 1 ነው። ቀጣዩ ጥንድ 12 እና 46 ነው፤ ልዩነቱ 34 ነው። ከመሐል ወደ ዳር በሄድን ቁጥር ልዩነቱ እያደገ እንጂ እየቀነሰ አይሄድም። ከ1 ወደ 34 ሲዘል 7ን አልፎታል። ስለዚህ ሌሎቹን ስድስት ጥንዶች ሳንሞክር፣ ይህ እኩልታ በኢንቲጀሮች ፋክተር እንደማይሆን አረጋግጠናል።

ይህን ነጥብ ላሰምርበት እፈልጋለሁ። ከዳር የሚጀምር ፍለጋ «የለም» ለማለት ዝርዝሩን ሁሉ መጨረስ አለበት። ከመሐል የሚጀምር ፍለጋ ግን የሚፈልገውን ልዩነት ባለፈበት ቅጽበት «የለም» ይላል። አንዱ ተማሪ ስምንት ጥንዶችን ጽፎ አሁንም የረሳሁት ይኖር ይሆን እያለ ይጨነቃል፤ ሌላው በሁለት ሙከራ ተረጋግቶ ወደ ቀመሩ ይሻገራል። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፤ ልዩነት የምንፈልገው የ a እና የ c ብዜት ኔጋቲቭ ሲሆን ነው። ፖዘቲቭ ሲሆን ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓይነት ምልክት ስለሚኖራቸው ድምራቸውን እንከታተላለን። ድምርም ከመሐል ወደ ዳር እያደገ ስለሚሄድ አካሄዱ አይለወጥም።

ለመሆኑ የሁለቱ እኩልታዎች መፍትሔዎች ምን ያህል ይራራቃሉ? በመጀመሪያው 2.25 እና −1.667 ገደማ ናቸው። በሁለተኛው b² − 4ac 2257 ነው፤ ስኩዌር ሩቱ 47.508 ገደማ ነው፤ መፍትሔዎቹም 2.271 እና −1.688 ገደማ ይሆናሉ። ፓራቦላው በአንድ አሃድ ብቻ ዝቅ ብሏል፤ መፍትሔዎቹም ከነበሩበት ፈቀቅ ያሉት በመቶኛ ቤት ነው። ፋክተሩ ግን ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። በኢንቲጀር ፋክተር መሆን የቁጥሮቹ መግጠም ነው። ስለዚህ «ፋክተር አልሆነም» ከሚለው ተነስቶ «መፍትሔ የለውም» ወደሚለው መሻገር በምንም መንገድ አይቻልም።

መግጠሙስ ምን ያህል ተደጋጋሚ ነው? በመጀመሪያው እኩልታ 12ን እና −45ን እንዳሉ ትተን የመካከለኛውን ቁጥር ብቻ እንለውጥ። ከ−50 እስከ 50 ያሉትን ኢንቲጀሮች ሁሉ ብንሞክር 101 እኩልታዎች እናገኛለን። ከእነርሱ ውስጥ ፋክተር የሚሆኑት የመካከለኛው ቁጥራቸው ±7፣ ±12፣ ±21፣ ±33 ወይም ±44 የሆኑት ብቻ ናቸው፤ ማለትም ከ101 ውስጥ 10ሩ። 540 ደግሞ አካፋይ የበዛለት ቁጥር ነው። የመማሪያ መጻሕፍት እኩልታዎች ፋክተር የሚሆኑት ጸሐፊው ከመልሱ ተነስቶ ወደ ኋላ ስለሚሠራቸው ነው። ከልኬት የሚመጣ እኩልታ፣ የወረወርነው ድንጋይ መቼ መሬት እንደሚነካ የሚጠይቅም ሆነ የአንድን መሬት ጎን የሚፈልግ፣ እንዲህ ያለ ውለታ አይውልልንም።

እንግዲህ ፋክተር መሆኑን ሳንፈልግ አስቀድመን የምናውቅበት መንገድ አለን? አለ፤ እርሱም b² − 4ac ነው። ዲስክሪሚናንት እንለዋለን፤ በ D እንጽፈዋለን። a፣ b፣ c ኢንቲጀሮች ሲሆኑ እኩልታው በኢንቲጀሮች ፋክተር የሚሆነው D የአንድ ኢንቲጀር ካሬ ሲሆን፣ ያን ጊዜም ብቻ ነው። ምክንያቱን በአጭሩ ላሳይ። D የ k ካሬ ነው እንበል። ከ b² ላይ የቀነስነው 4ac ምንጊዜም ተጋማሽ ስለሆነ b እና k ወይ ሁለቱም ተጋማሽ ናቸው፣ ወይ ሁለቱም ጎዶሎ ናቸው። ስለዚህ (b + k)/2 እና (b − k)/2 ኢንቲጀሮች ናቸው። ድምራቸው b ነው፤ ብዜታቸው ደግሞ (b² − k²)/4 ስለሆነ ac ነው። የምንፈልጋቸው ሁለት ቁጥሮች እነዚሁ ናቸው። በተቃራኒው ፋክተር የሆነ እኩልታ መፍትሔዎቹ ክፍልፋዮች ወይም ኢንቲጀሮች ስለሆኑ √D ከክፍልፋይ ውጭ ሊሆን አይችልም፤ የኢንቲጀር ስኩዌር ሩት ክፍልፋይ ከሆነ ደግሞ ራሱ ኢንቲጀር ነው።

በእኛ እኩልታ k = 47 ነው። (−7 + 47)/2 ሃያ ይሰጣል፤ (−7 − 47)/2 ደግሞ −27 ይሰጣል። ቅድም ፈልገን ያገኘናቸው ቁጥሮች ያለ ፍለጋ መጡ። ነገር ግን ሐቀኞች እንሁን፤ D ተሰልቶ √D ከታወቀ በኋላ መፍትሔውን ለማግኘት ወደ ፋክተር መመለስ ትርፍ ሥራ ነው፤ ቀመሩ በአንድ መስመር ይጨርሰዋል። ስለዚህ ፋክተርን እንደ መፍቻ ዘዴ የምንመርጠው ጥንዱ D ከመሰላቱ በፊት ከታየን ብቻ ነው።

ካሬ ማሟላትስ መቼ ነው የሚመረጠው? የ x² ኮፊሸንት 1 ሲሆንና የመካከለኛው ቁጥር ተጋማሽ ሲሆን ነው። ይህን ተመልከቱ፦

x² − 38x + 357 = 0

357 የምን ብዜት እንደሆነ በአንድ እይታ የሚያውቅ ብዙ አይደለም። ቀመሩ 38ን ካሬ እንድናደርግ፣ 357ን በ4 እንድናባዛ፣ ከዚያም 1444 ላይ 1428ን እንድንቀንስ ይጠይቃል። ካሬ ማሟላት ግን የ38ን ግማሽ፣ 19ን፣ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የ19 ካሬ 361 ነው፤ ከ357 በ4 ይበልጣል። ስለዚህ (x − 19)² = 4 ነው፤ x = 21 ወይም x = 17። 357 ወደ 355 ቢቀየር እንኳ መንገዱ አይዘጋም፤ (x − 19)² = 6 ይሆናል፤ መልሱም 19 ± √6 ነው። ፋክተር በሚሆነውም በማይሆነውም እኩል ያገለግላል። ከዚህም በላይ ጥያቄው ስለ መፍትሔው ሳይሆን ስለ ትንሹ ዋጋ ሲሆን መልሱ ተጽፎ ይገኛል፤ x² − 38x + 357 ከ−4 በታች እንደማይወርድ፣ ያም የሚሆነው x = 19 ላይ እንደሆነ ከ(x − 19)² − 4 በቀጥታ እናነባለን።

እንግዲህ «ቀመሩ ሁልጊዜ ይሠራል» የሚለው አባባል ይቀረናል። በፊደል እውነት ነው። በቁጥር ስናሰላ ግን ወሰን አለው። x² − 200x + 1 = 0ን እንውሰድ። መፍትሔዎቹ 100 ± √9999 ናቸው። ካልኩሌተራችን ዋጋ ያላቸውን 4 አሃዞች ብቻ ይይዛል እንበል። √9999ን 99.99 ብሎ ይይዘዋል። ትልቁ መፍትሔ 200.0 ነው፤ ደህና ነው። ትንሹ ግን 100 − 99.99 = 0.01 ይሆናል። እውነተኛው ዋጋ 0.005 ገደማ ነው። በእጥፍ ተሳስተናል። ሁለት በጣም የተቀራረቡ ቁጥሮችን ስንቀናነስ አስተማማኞቹ አሃዞች እርስ በርስ ተጠፋፍተው በእጃችን የቀረው የመጠጋጋቱ ስሕተት ነው። ኮምፒዩተርም ብዙ አሃዝ ስለሚይዝ ችግሩን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ b² ከ4ac እጅግ ሲበልጥ ያው ይደገማል።

መድኃኒቱ የሚገኘው ከፋክተር አሳብ ነው። የሁለቱ መፍትሔዎች ብዜት c/a ነው፤ እዚህ ላይ 1 ነው። ስለዚህ ሳንቀናነስ የምናገኘውን ትልቁን መፍትሔ በቀመሩ እናሰላለን፤ ትንሹን ግን 1ን ለ200.0 በማካፈል እናገኘዋለን። በዚያው ባለ 4 አሃዝ ካልኩሌተር 0.005000 ይወጣል፤ ትክክልም ነው።

ይህ የብዜት ግንኙነት ስሕተትንም ይይዛል። ወደ መጀመሪያው እኩልታ ልመለስ። ቀመሩን የሚጠቀም ተማሪ በብዛት የሚሳሳተው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው b² ላይ ነው፤ −7ን ያለ ቅንፍ ካልኩሌተር ውስጥ አስገብቶ በ49 ፋንታ −49 ያገኛል። ያን ጊዜ D 2111 ይሆናል፤ መልሱም 7 ± √2111፣ በ24 ተካፍሎ። ሲያዩት ምንም የተሳሳተ ነገር አይመስልም። ድምሩን ብታጣሩ እንኳ 7/12 ይሆናል፤ ይኸውም ትክክለኛው ድምር −b/a ነው። ብዜቱን ብታጣሩ ግን −2062/576 ይወጣል፤ መሆን የነበረበት ደግሞ −45/12፣ ማለትም −2160/576 ነው። ብዜቱ አጋለጠው። ሁለተኛው ስሕተት √D ብቻውን ለ2a ማካፈል ነው፤ 7 ± 47/24 ብሎ መጻፍ። የዚህ ድምር 14 ነው፤ ከ7/12 ጋር አይገናኝም። ይህን ድምሩ ያጋልጠዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ማጣራት ያስፈልጋል። ሦስተኛም የሚታይ ምልክት አለ፤ a እና c ተቃራኒ ምልክት ሲኖራቸው −4ac ፖዘቲቭ ስለሆነ D ኔጋቲቭ ሊሆን አይችልም። በእንዲህ ያለ እኩልታ ላይ ኔጋቲቭ D ካገኛችሁ «መፍትሔ የለውም» ብላችሁ አትጻፉ፤ ወደ ምልክቶቹ ተመለሱ።

የተናገርሁትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። እኩልታው ሲሰጣችሁ አንዱን ወገን ዜሮ አድርጉ፤ የጋራ አካፋይ ካለም አውጡ። የ x² ኮፊሸንት 1 ከሆነና የመካከለኛው ቁጥር ተጋማሽ ከሆነ ካሬ አሟሉ። ካልሆነ a እና cን አባዙና ከመሐል ጀምራችሁ ሁለት ሦስት ጥንዶችን ሞክሩ፤ ከገጠመላችሁ በፋክተር ጨርሱ። የምትፈልጉትን ካለፋችሁት ወይም ቁጥሩ ከከበደባችሁ Dን አስሉ፤ በቀመሩም ፍቱ። በየትኛውም መንገድ ብትመጡ ድምሩንና ብዜቱን አጣሩ።

ለጥያቄ ጊዜ አለን።

ጥያቄ (ከአንድ የመምህርነት ሠልጣኝ)፦ መምህር፣ D ሁሉንም የሚነግረን ከሆነና ቀመሩ ፋክተር የሚሆነውንም የማይሆነውንም የሚፈታ ከሆነ፣ ፋክተር ማድረግን ለተማሪዎች ማስተማር ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የምንፈልገው መፍትሔውን ብቻ ቢሆን ኖሮ ክርክርዎ ያሸንፍ ነበር። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የምንፈልገው የብዜቱን መልክ ራሱን ነው። 12x² − 7x − 45 ከዜሮ የሚያንሰው የት ነው ብዬ ብጠይቅዎ፣ (3x + 5)(4x − 9) ከሚለው ወዲያው ያነባሉ፤ ሁለቱ ተቃራኒ ምልክት የሚኖራቸው በ−5/3 እና በ9/4 መካከል ነው። ይኸው አገላለጽ ለ4x − 9 ተካፍሎ x ወደ 9/4 ሲጠጋ ወደ ምን ይጠጋል ቢባሉ ደግሞ ቀመሩ ብቻውን አያስኬድዎም። ላዕሉም ታሕቱም ወደ ዜሮ ይሄዳሉ፤ 4x − 9 ሲሰረዝ ግን 3x + 5 ይቀራል፤ መልሱም 47/4 ነው። ሊያስተምሩት ያለዎት ተማሪ በሚቀጥሉት ዓመታት ካልኩለስ ውስጥ የሚገናኘው ይህንን ነው። ስለዚህ ፋክተርን ሲያስተምሩ «እኩልታ መፍቻ» ብለው ብቻ አያስተምሩት፤ አንድ አገላለጽ በምን በምን እንደሚባዛ ማየት ብለው ያስተምሩት። መፍቻውን ለመምረጥ ግን Dን ይጠይቁ።

(በመልሱ ውስጥ ያለው 47 ከ√D ጋር መመሳሰሉ በአጋጣሚ አይደለም። የአገላለጹ ዴሪቫቲቭ 24x − 7 ነው፤ በ9/4 ላይ ዋጋው 47 ነው። በመፍትሔዎቹ ላይ የዴሪቫቲቩ ዋጋ ምንጊዜም ±√D ነው። ምክንያቱን ከ(2ax + b)² = D ተነስታችሁ ራሳችሁ እንድታረጋግጡት ትቼላችኋለሁ።)